የክረምት ምዝገባ ፖስት ታይቶ ሰው ካልመጣ፦ ችግርና መፍትሄ

የሥልጠና ማዕከል ፖስት መጻፍ የጀመርኩት በክረምት ነው። ማዕከሉ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ኮምፒውተርና ግራፊክስ ዲዛይን ያስተምራል። የመጀመሪያ ፖስቴን እስካሁን በቃሌ አውቀዋለሁ፦

«የክረምት ምዝገባ ተጀምሯል!!! ጥራት ያለው ሥልጠና፣ ልምድ ባላቸው አሠልጣኞች፣ በተመጣጣኝ ዋጋ። ቦታው ውስን ስለሆነ ፈጥነው ይመዝገቡ። ለበለጠ መረጃ ይደውሉ።»

ይህንን ፖስት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በየሰኔው በየቻናሉ ይለጠፋል። ማን እንደሚያነበው ግን አልተወሰነም። «ይመዝገቡ» ሲል ወላጅን የሚያናግር ይመስላል፣ የሚመዘገበው ደግሞ ልጁ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ ከዚህ የሚነሱ ናቸው።

ምልክት፦ ብዙ ሰው ያያል፣ ኢንቦክስ «ስንት ነው?» ብቻ ይሞላል፣ የሚመዘገብ የለም

ቴሌግራም ላይ የተመልካቹ ቁጥር ይጨምራል። ኢንቦክስ ላይ «ዋጋ?»፣ «የት ነው?»፣ «ስንት ሰዓት ነው?» ይመጣል። መልስ ትሰጣላችሁ። ከዚያ ዝም።

ምክንያቱ ዋጋው ውድ ስለሆነ ይመስለን ነበር። አሥር ያህል የኢንቦክስ ንግግሮችን አንድ በአንድ አነበብኩ። ጠያቂዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። ወላጆቹ የሚጠይቁት ስለ ሰዓት፣ ስለ ጠቅላላ ክፍያና ስለ ሰርተፍኬት ነው። አንዲት እናት «ዝናብ ሲጥል እንዴት ነው የሚወጡት?» ብላ ጠይቃ ነበር። ልጆቹ ደግሞ «ፎቶሾፕ አለ?»፣ «ላፕቶፕ ይዘን ነው የምንመጣው?»፣ «ከዜሮ ነው የሚጀምረው?» ይላሉ። ፖስቱ ለሁለቱም መልስ አልነበረውም። «ጥራት ያለው» ማለት ለእናትየውም ለልጁም ምንም አይነግርም።

መፍትሄው አንዱን ፖስት ማሳመር አይደለም፣ ለሁለት መክፈል ነው። ለወላጅ የጻፍነው ይህን ይመስላል፦

> ከ9ኛ–12ኛ ክፍል ልጆች ላሏችሁ ወላጆች
> የኮምፒውተርና የግራፊክስ ሥልጠና ከሐምሌ 7 እስከ ነሐሴ 30፣ ለ8 ሳምንት።
> ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል።
> ጠቅላላ ክፍያ 6,500 ብር። መመዝገቢያ፣ ማስተማሪያ ጽሑፍና ሰርተፍኬት ሁሉ በዚህ ውስጥ ነው፤ ሌላ ክፍያ የለም። በሁለት ጊዜ መክፈል ይቻላል።
> ልጅ ከቀረ እስከ 3 ሰዓት ተኩል ድረስ ለወላጅ እንደውላለን።
> መብራት ከጠፋ ያለፈው ክፍለ ጊዜ ቅዳሜ ይካካሳል።
> ሰርተፍኬቱ የማዕከላችን የማጠናቀቂያ ሰርተፍኬት ነው። የሲኦሲ ምዘና አይደለም።

የመጨረሻዋን መስመር ስጽፍ የማዕከሉ ባለቤት ተቃውሞኝ ነበር። «እውቅና ያለው ሰርተፍኬት ብንል ይሻላል» አለኝ። እኔ በዚህ አልስማማም። የሙያ ብቃት ማረጋገጫ የሚገኘው በምዘና ማዕከል ተመዝኖ ነው እንጂ የ8 ሳምንት የክረምት ኮርስ በመጨረስ አይደለም። ወላጅ ይህን ዘግይቶ ካወቀ በነሐሴ መጨረሻ ቢሯችሁ ቁጭ ብሎ ገንዘቡን ይጠይቃል፤ ልክም ነው።

መብራቷንም አትዝለሉ። ክረምት ላይ መብራት እንደሚጠፋ ሁሉም ወላጅ ያውቃል። ጄነሬተር ካላችሁ ጻፉት። ከሌላችሁ ማካካሻውን ጻፉ። ከሁለቱ አንዱም ከሌለ እሱን አስቀድሞ ማስተካከል ነው፣ ፖስቱ ይቆይ።

ለተማሪዎች የጻፍነው ደግሞ ይህ ነው፦

> ኮምፒውተር ነክታችሁ የማታውቁም ትችላላችሁ፣ ከዜሮ እንጀምራለን።
> በ3ኛው ሳምንት የመጀመሪያ ፖስተራችሁን ትጨርሳላችሁ። በ8ኛው ሳምንት 6 ሥራ ይዛችሁ ትወጣላችሁ።
> አንድ ኮምፒውተር ለአንድ ሰው። ላፕቶፕ ይዛችሁ መምጣት አያስፈልግም።
> ፎቶው ላይ ያለው ፖስተር አምና እዚሁ የተማረች የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሠራችው ነው።
> ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት። 6,500 ብር።
> ለቤተሰብ የሚላከው ዝርዝር ከታች አለ። ፎርዋርድ አድርጉላቸው።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚጠቅመው ፎቶው ነው። ከኢንተርኔት የወረደ የሚያምር ዲዛይን አትለጥፉ። ልጆች ወዲያው ያውቁታል። የተማሪ ሥራ፣ ትንሽ ጉድለት ያለበትም ቢሆን፣ «እኔም እችላለሁ» ያሰኛል። ልጅቷንና ወላጆቿን አስፈቅዳችሁ ነው የምትለጥፉት፤ ስሟንም ፊቷንም ማውጣት አያስፈልግም።

ተማሪን በፖስት አትቆጡ። «ክረምቱን ስልክ ላይ ከምታጠፉ» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ አይቻለሁ። ያንን የሚወደው ወላጅ ነው። ልጁ ገና በመጀመሪያው መስመር ጥሎት ይሄዳል።

ምልክት፦ ተማሪው በአካል መጥቶ ይጠይቃል፣ «ቤተሰብ ላማክር» ብሎ ይሄዳል፣ አይመለስም

ልጁ ፍላጎት አለው። ጠይቋል፣ ክፍሉን አይቷል። ቤት ሲደርስ ግን ለአባቱ ምን ይበል? «ግራፊክስ ልማር» ሲል አባት «ምንድን ነው እሱ? የት ነው? ማነው የሚያስተምረው?» ይላል። ልጁ ግማሹን ረስቶታል። ወሬው እዚያው ይቆማል።

ችግሩ ልጁ ለቤተሰቡ የሚያሳየው ነገር ሳንሰጠው መላካችን ነው። ለዚህ ነው የተማሪው ፖስት መጨረሻ ላይ የወላጁ ዝርዝር የተያያዘው። ቢሮም ለመጣ ልጅ ያው የወላጅ ጽሑፍ በግማሽ ወረቀት ታትሞ ይሰጠዋል። ከላይ «ለወላጅ» ይላል፣ ከታች በስም የሚጠራ አንድ ሰው ስልክ አለው። «ለበለጠ መረጃ ይደውሉ» ከማለት «ወይዘሮ እገሊትን ያናግሩ» ማለት ይሻላል። ወላጅ ማንን እንደሚያናግር ሲያውቅ ለመደወል አያመነታም።

ምልክት፦ ወላጅ ይከፍላል፣ ልጁ ሁለት ቀን መጥቶ ይቀራል

ይህ ከላይ ያለው ችግር ተቃራኒ ነው። የወላጁ ፖስት ጥሩ ሠርቷል፣ የተማሪውን ግን ልጁ አላየውም። እናት ከፍላ ስትጨርስ ነው የነገረችው። ለሱ ክረምቱ የተወሰደበት ያህል ነው።

ወላጅ ሲደውል «ልጅዎ የተማሪዎቹን ሥራ አይቶታል?» ብለን እንጠይቃለን። ካላየ የተማሪውን ፖስት እንልክላቸዋለን፣ «ሳይከፍሉ በፊት አንድ ቀን ይምጣና ይቀመጥ» እንላለን። አንድ የሙከራ ቀን በነፃ መስጠት ማዕከሉን ብዙም አያስወጣውም። በሁለተኛው ሳምንት ገንዘብ ከመመለስ ግን በጣም ይሻላል።

ምልክት፦ ሴቶች ልጆች እምብዛም አይመዘገቡም

ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። አንዱ ግን በእጃችን ያለ ነው። የተማሪውን ፖስት መልሳችሁ አንብቡ። «ና ተመዝገብ»፣ «ችሎታህን አዳብር»፣ «ዲዛይነር ሁን» ይላል? አማርኛ አንድን ልጅ ስናናግር እያንዳንዱ ግሥ ላይ ወንድ ወይም ሴት ያስመርጣል፣ እኛ ሳናስበው ወንዱን እንመርጣለን። «ተመዝገብ/ቢ» ብሎ በእዝባር መክፈል ደግሞ ለማንበብ ያስቸግራል፣ ፎርም ይመስላል።

በብዙ ቁጥር ጻፉ። «ኑ»፣ «ትማራላችሁ»፣ «ሥራችሁ»። በወላጁ ፖስትም «ልጅዎ ይማራል» ከማለት «ልጆችዎ ይማራሉ» ማለት ሁሉንም ይይዛል። ወላጅን በ«እርስዎ» ብትጀምሩ እስከ መጨረሻው በ«እርስዎ» ጨርሱ፣ በ«እናንተ» ብትጀምሩም እንዲሁ። መሐል ላይ «ልጅህን አስመዝግብ» ብሎ የሚሾልክ ፖስት ትልቅ ሰው ያስቀይማል።

ምልክት፦ ሰው በተሳሳተ ቀን ወይም ሰዓት ይመጣል

አንድ ጊዜ ሥልጠናው የሚጀምርበትን ቀን «7/11» ብዬ ጻፍኩ። ለኔ ሐምሌ 7 ነው። ክፍያውን የምትልክ አሜሪካ ያለች አክስት ግን ጁላይ 11 ብላ አነበበችው፤ ይህም በኛ ሐምሌ 4 ነው። ልጁ በዝናብ መጥቶ የተዘጋ በር አገኘ። በጣም አዘንኩ፣ ጥፋቱ የኔ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወሩን በስሙ እጽፋለሁ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ የሚከፍል ከሆነ የፈረንጁን ቀን አብሬ አስቀምጣለሁ፣ እሱንም በወር ስም፦ «ሐምሌ 7፣ ማለትም ጁላይ 14»። ሰዓት ላይም «3፡00» ብቻ አይበቃም፤ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» በሉ።

ምልክት፦ ስልክ ቁጥሩ ፖስቱ ላይ እያለ «ስልካችሁን ላኩልኝ» ይባላል

ሁሉም ነገር ምስሉ ላይ ተጽፏል ማለት ነው። ዳታ የሚቆጥብ ሰው ቴሌግራሙ ምስል በራሱ እንዳያወርድ ይዘጋል፣ ስለዚህ የሚያየው የደበዘዘ ሳጥን ነው። ቢያወርደውም ቁጥሩን ነክቶ መደወል አይችልም። ቀን፣ ዋጋና ስልክ ሁልጊዜ በጽሑፍ ይሁኑ። ከምስል ጋር የሚሄድ ጽሑፍ ቴሌግራም ላይ በ1,024 ፊደል ይገደባል፣ ከላይ ያሉት ሁለቱም ፖስቶች በቀላሉ ይገባሉ።

ምልክት፦ የትኛው ፖስት እንደሠራ አይታወቅም

የተመልካች ቁጥር ይህን አይነግራችሁም። የምዝገባ ቦት ካላችሁ ለሁለቱ ፖስቶች የተለያየ ሊንክ ስጡ፦

```
https://t.me/YOUR_BOT?start=parent
https://t.me/YOUR_BOT?start=student
```

ሰውየው ስታርት ሲል ከመጨረሻ ያለችው ቃል ለቦቱ ትደርሰዋለች፣ ከየትኛው ፖስት እንደመጣ ትቆጥራላችሁ። ቦት ከሌላችሁ የመመዝገቢያ ቅጹ ላይ «መጀመሪያ ያየው ማነው? ወላጅ / ተማሪ» የሚል አንድ ጥያቄ ጨምሩ። እኛ ለመጀመሪያው ክረምት በደብተር ነበር የምንቆጥረው፣ በቂ ነበር።

የወላጁን ፖስት ቁጥር ዝቅ ብሎ ካገኛችሁት ጽሑፉን ከመቀየራችሁ በፊት የወጣበትን ቀን እዩ። እኛ ሁለት ጊዜ ነው የምንለጥፈው፦ አንዴ ሰኔ 30 ካርድ በሚወሰድበት ሳምንት፣ አንዴ ደግሞ ደመወዝ በሚገባበት ሰሞን። የተማሪው ፖስት ግን ፈተና ሳያልቅ አይወጣም። 12ኛ ክፍሎች ብሔራዊ ፈተናቸው ላይ ካሉ ለነሱ ብቻ ቆይቶ የሚጀምር ምድብ ክፈቱና ፖስታቸውም ያኔ ይውጣ።

ቦታው ሲሞላ ደግሞ ሁለቱንም ፖስቶች ኤዲት አድርጉ። የመጀመሪያው መስመር ላይ «የጠዋቱ ሞልቷል፣ የከሰዓት 4 ቦታ ቀርቷል» ብላችሁ ትክክለኛውን ቁጥር ጻፉ፣ ሲያልቅም «ሞልቷል» በሉ። ፎርዋርድ የተደረገው ግልባጭ እንደማይቀየር ግን አስታውሱ። ስለዚህ ስልክ የምታነሳው ሴትዮ የቀረውን ቦታ በየማታው ማወቅ አለባት።