ከቃለ መጠይቅ በኋላ የተሳሳተን መልስ በምስጋና ኢሜይል እንዴት ማረም ይቻላል

ቃለ መጠይቅ ላይ የጠፋብን መልስ የሚመጣልን ከወጣን በኋላ ነው። እኔ ከዓመታት በፊት ስታዲየም አካባቢ ካለ ሕንፃ ወጥቼ ወደ ለገሃር ስራመድ፣ ገና ባቡር ጣቢያው ጋ ሳልደርስ ትክክለኛው መልስ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ያን ቀን ማታ የጻፍኩት ኢሜይል ሥራውን አሳጣኝ ብዬ አምናለሁ። ምን እንደጻፍኩ ከታች እነግራችኋለሁ። ዛሬ በሂሳብ ክፍል ኃላፊነት ስለምሠራ አመልካቾችን ከሚጠይቁት መካከል እቀመጣለሁ፤ እንዲህ ያሉ ኢሜይሎችም ይደርሱኛል። ስለዚህ የምጽፈው ከሁለቱም ወገን ሆኜ ያየሁትን ነው።

መጀመሪያ፦ የትኛው መልስ እንደሚታረም ለዩ

አንድ ብቻ ምረጡ። ሦስት መልስ የሚያርም ሰው ጠያቂዎቹ ያላስተዋሉትን ሁለት ስህተት ራሱ ያሳያቸዋል። የእኔ ጥፋት ይኸው ነበር። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ በስልኬ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ፤ አራት ጊዜ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ በደንብ የመለስኩትን ጥያቄ ሳይቀር እንደገና አብራራሁ። መልስ አልመጣም። በኋላ ራሴ ጠያቂ ስሆን እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ምን እንደሚሰማኝ አየሁ፤ ሰውየው በሥራ ላይ አንድ ነገር ቢሳሳት እንዴት ይሆን ብዬ እሰጋለሁ።

ሊታረም የሚገባው መልስ በየቀኑ የምትሠሩትን ሥራ የሚነካ፣ ፍሬ ነገሩ የተሳሳተ፣ በሦስት በአራት ዓረፍተ ነገር ሊስተካከል የሚችል ነው። «ስለ ራስህ ንገረን» ሲባል መንተባተብ ወይም የደመወዝ ጥያቄ ላይ መቸኮል በኢሜይል አይታረምም። ተዉት።

አድራሻና ሰዓት

የጠራችሁ የሰው ኃይል ክፍል በኢሜይል ከሆነ እዚያው ላይ መልሱ፤ ርዕሱን አትቀይሩ፤ የቀድሞው መልእክት ከሥር ስለሚታይ ማን እንደሆናችሁ ሳይፈልጉ ያውቃሉ። የጠሯችሁ በስልክ ከሆነ ደግሞ ደውላችሁ የክፍሉን ኢሜይል ጠይቁ፤ በአዲሱ ርዕስ ላይ የሥራ መደቡንና የቃለ መጠይቁን ቀን ጻፉ። ጠያቂውን በቴሌግራም ፈልጎ በግል መጻፍ ግን ጥሩ አይደለም፤ አብረውት የጠየቁት ሰዎች ሲሰሙ እሱንም እናንተንም ያስጠረጥራል።

ነጥብ የሚሞላው ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ስለሆነ ኢሜይሉ በማግስቱ ጠዋት ሥራ ሲጀመር ቢደርስ ይመረጣል። ማታ ጻፉትና ጂሜይል ላይ `Schedule send` በሚለው ለጠዋት አስቀምጡት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሰዓት አቆጣጠር ላይ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ለማለት የሚሞላው `8:30 AM` ነው፤ 2:30 ብላችሁ ከሞላችሁ ደብዳቤው የሚሄደው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ወይም ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ይሆናል።

አንድ ወሰን አለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤትና አንዳንድ ድርጅቶች ነጥቡን እዚያው ክፍሉ ውስጥ ሞልተው ያሽጋሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጽሑፍ ነጥብ አይጨምርም። ማስታወቂያው ላይ አመልካቾች መሥሪያ ቤቱን እንዳያነጋግሩ ከተጻፈ ደግሞ ጭራሽ አትጻፉ።

ከምስጋናው ወደ እርማቱ መሻገር

ከባዱ ይኼ ነው፤ ስለዚህ የእህቴን ልጅ ጉዳይ በዝርዝር ላሳያችሁ። ካዛንቺስ ላለ አንድ ድርጅት ለአካውንታንትነት ተወዳድራ ማታውን ቤቴ መጣች። «ጋሼ፣ አንዱን ጥያቄ አበላሸሁት» አለችኝ። የተጠየቀችው ስለ ባንክ ማስታረቂያ ነው፤ የባንኩ ሂሳብና የድርጅቱ መዝገብ የሚለያዩበትን ምክንያት ለይቶ ሁለቱን ማስማማት ማለት ነው። የባንኩ ስቴትመንት 412,500 ብር ይላል፤ የድርጅቱ መዝገብ 390,450 ብር። ለአቅራቢ ተሰጥቶ ገና ያልተመነዘረ የ38,000 ብር ቼክ አለ። በወሩ የመጨረሻ ቀን ገቢ ተደርጎ ባንኩ ያልመዘገበው 15,500 ብር አለ። ባንኩ ለአገልግሎት የቆረጠው፣ መዝገቡ ላይ ግን ያልገባ 450 ብርም አለ። እሷ «ያልተመነዘረውን ቼክ ከመዝገቡ እቀንሳለሁ» ብላ መለሰች።

ስህተቱ ትንሽ አይደለም። ቼኩ የተጻፈ ዕለት ከመዝገብ ተቀንሷል፤ እንደገና ከተቀነሰ አንዱ ክፍያ ሁለት ጊዜ ወጪ ሆነ ማለት ነው። የማያውቀው ባንኩ ስለሆነ የሚቀነሰው ከባንኩ ሂሳብ ነው። ወር በገባ ቁጥር ባንክ የሚያስታርቅ ሰው ይህን ከተሳሳተ ሥራውን አልያዘም። ስለዚህ መታረም ነበረበት።

መጀመሪያ የጻፈችው ዓረፍተ ነገር «ለማለት የፈለግሁት ከባንኩ ሂሳብ እቀንሳለሁ ነበር» የሚል ነበር። አስተዉኳት። ለማለት የፈለገችው እሱን አልነበረም፤ ጠያቂዎቹም ያለችውን ማስታወሻቸው ላይ ጽፈውታል። ሂሳብ የሚይዝ ሰው የጻፈውን ቁጥር በሌላ ቃል ሲሸፍን መታየት የለበትም። ሁለተኛው ሙከራዋ ደግሞ በተቃራኒው ሆነ፤ «ከጭንቀቴ ብዛት፣ እባካችሁ እንዳትቀየሙኝ» እያለ ልመና መሰለ። ልመና ሲጀመር አንባቢው ስለ ቼኩ ማሰብ ትቶ ስለ እሷ ማሰብ ይጀምራል።

የሚሠራው መንገድ ቀላል ነው። ጥያቄውን በስሙ ጥሩ፤ የመለሳችሁትን በግልጽ «ስህተት ነበር» በሉ፤ ወዲያው ምክንያቱንና ትክክለኛውን አስከትሉ። «ይቅርታ» የምትለው ቃል አንድ ጊዜ ብትገባ አትጎዳም፤ ባትገባም ምንም አይጎድልም። ያልተሳሳታችሁ፣ ነገር ግን ያላሟላችሁት መልስ ከሆነ ደግሞ «ሳልጠቅስ የቀረሁት» ብላችሁ ጀምሩ፤ ያኔ «ስህተት» ማለት ያለ አግባብ ራስን መጉዳት ነው። መልሱን ቤት ገብታችሁ መጽሐፍ አይታችሁ ካገኛችሁት ይህንኑ ጻፉ፤ «ከቃለ መጠይቁ በኋላ አረጋግጬ» ማለት ሐቅ ነው፤ ሄዶ ማረጋገጥም የሥራው ጠባይ ነው።

በመጨረሻ የላከችው ይህን ነው፦

> ለተከበራችሁ የቃለ መጠይቅ ኮሚቴ አባላት፣
>
> ትናንት ከሰዓት በኋላ ለአካውንታንት የሥራ መደብ ስላነጋገራችሁኝ አመሰግናለሁ። የሦስቱ ቅርንጫፎች የወር መዝጊያ ሂሳብ እንዴት እንደሚሰበሰብ ያስረዳችሁኝ የሥራውን ስፋት እንድረዳ አድርጎኛል።
>
> ስለ ባንክ ማስታረቂያ ስጠየቅ ያልተመነዘረውን የ38,000 ብር ቼክ ከመዝገቡ እቀንሳለሁ ብዬ የመለስኩት ስህተት ነበር። ቼኩ ሲጻፍ ከመዝገቡ ስለተቀነሰ አሁን የሚቀነሰው ከባንኩ ሂሳብ ነው፤ በዚያው ላይ ያልተመዘገበው 15,500 ብር ሲደመር 390,000 ብር ይሆናል። በመዝገቡ በኩል የ450 ብር የአገልግሎት ክፍያ ሲቀነስ ያው 390,000 ብር ስለሚመጣ ሁለቱ ይታረቃሉ።
>
> ተጨማሪ ማብራሪያ ወይም ሰነድ ካስፈለገ በዚህ ኢሜይል ወይም ከታች ባለው ስልኬ ታገኙኛላችሁ።
>
> ከአክብሮት ጋር፣
> ሙሉ ስምና ስልክ ቁጥር

ምስጋናው ውስጥ ስለ ሦስቱ ቅርንጫፎች የተነሳው ነገር ለጌጥ የገባ አይደለም። በዚያ ክፍል ውስጥ የተነገረ ስለሆነ የትኛዋ አመልካች እንደሆነች ለጠያቂዎቹ ያስታውሳቸዋል፤ ከየትም የተቀዳ ደብዳቤ እንዳልሆነም ያሳያል። «ስለ ውድ ጊዜያችሁ ከልብ አመሰግናለሁ» የሚለውን ሁሉም ሰው ይጽፈዋል፤ እኔ ሳነበው ዘልዬው አልፋለሁ። እርማቱም ሁለተኛው አንቀጽ ላይ መሆኑን ልብ በሉ። መጀመሪያ ላይ ቢቀመጥ ምስጋናው ሰበብ ይመስላል፤ መጨረሻ ላይ ቢወረወር ደግሞ ሳይነበብ ይቀራል።

አጠራርና ፊደል

ጠያቂዎቹ ሁለትና ከዚያ በላይ ከነበሩ «ለተከበራችሁ» ብሎ በብዙ ቁጥር መጻፍ ከብዙ ጣጣ ያድናል። ለአንድ ሰው ከሆነ በአንቱታ ጻፉ፤ እስከ መጨረሻውም «እርስዎ» እንዳላችሁ ቆዩ። የምትጠሩት በራሱ ስም ነው፤ «አቶ» ወይም «ወይዘሮ» ብላችሁ የአባት ስም ብቻ አታስከትሉ። ወይዘሮ ትሁን ወይዘሪት ካላወቃችሁ ስልክ ያነሳላችሁን ሰው ጠይቁ፤ አለዚያ በማዕረጓ ወይም በኃላፊነቷ ጥሯት።

ማስታወቂያውም ጥያቄውም በእንግሊዝኛ ከነበረ በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ ቅርጹ ያው ነው። በአማርኛ ከሆነ ግን ፊደሉን ፈትሹት። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ፣ ዩኒኮድ ባልሆነ የግዕዝ ፎንት ተጽፎ የሚላክ ጽሑፍ ተቀባዩ ጋ ሲደርስ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይሆናል። ወደ ራሳችሁ ኢሜይል አስቀድማችሁ ልካችሁ በስልክ ክፈቱት፤ በስልኩ ላይ በትክክል ከተነበበ ላኩት። ኢንተርኔት ቤት ገብታችሁ ከጻፋችሁ ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት ከአካውንታችሁ መውጣታችሁን አረጋግጡ።

ቁጥሮቹን በወረቀት ላይ ደግማችሁ ደምሩ። የእርማት ደብዳቤ ውስጥ አዲስ ስህተት ከገባ ሁለተኛ እርማት የለም። ጂሜይል `Undo Send` የሚለውን እስከ 30 ሰከንድ ድረስ እንዲያቆይ በኮምፒውተር ላይ ማስተካከል ይቻላል፤ እኔ 30 ላይ አድርጌዋለሁ።

ከላኩ በኋላ

መልስ አለመምጣቱ የተለመደ ነው። «ኢሜይሌ ደርሷችኋል?» ብላችሁ አትደውሉ፤ ውጤት ይነገራል የተባለበት ቀን ካለፈ ግን ስለ ውጤቱ መጠየቅ ነውር የለውም። በዚህ መሐል ያረማችሁትን ርእስ አጥኑ፤ ምክንያቱም ሁለተኛ ዙር ከተጠራችሁ ጠያቂው ከዚያው ላይ ይቀጥላል። የእህቴ ልጅ ስትጠራ የመጀመሪያው ጥያቄ «ቼኩ ወራት ቆይቶ ሳይመነዘር ቢቀርስ?» የሚል ነበር። አስቀድመን ተነጋግረንበት ስለነበር አቅራቢውን ጠይቃ ቼኩ ጠፍቶ እንደሆነ እንደምታጣራ፣ ባንኩ ክፍያውን እንዲያቆም በደብዳቤ እንደምታስደርግ፣ ከዚያም የተቀነሰውን ገንዘብ ወደ መዝገቡ መልሳ ለአቅራቢው እንደ ዕዳ እንደምትይዘው በቅደም ተከተል መለሰች።