የገበያ መጠን ግምት፦ የቢዝነስ ፕላን አሳይመንት ላይ ነጥብ የሚያስቀንሱ ስህተቶች

በቢዝነስ ፕላን አሳይመንት ውስጥ የገበያ መጠን በሁለት መንገድ እንድትገምቱ ትጠየቃላችሁ። ከላይ ወደ ታች የሚባለው ከአንድ ትልቅ አሃዝ ተነስቶ፣ እናንተን የማይመለከተውን እየቀነሱ መውረድ ነው። ከታች ወደ ላይ የሚባለው ደግሞ አንድ ደንበኛ በዓመት ስንት ይከፍላል ከሚለው ጀምሮ፣ እንደዚህ ያለ ደንበኛ ስንት አለ ብሎ ማባዛት ነው። ሁለቱም የሚጠየቁት ገጽ ለመሙላት አይደለም። አንዱ የሌላውን ስህተት እንዲያጋልጥ ነው።

ስህተቶቹን በአንድ ምሳሌ እንያቸው። ሐሳቡ ለጥርስ ክሊኒኮች የሚሸጥ አገልግሎት ነው። ታካሚው ቀጠሮውን እንዳይረሳ በስልኩ አጭር መልዕክት ይልክለታል። ክሊኒኩ በወር 100፣ በዓመት 1,200 ይከፍላል። ቁጥሮቹ በሙሉ ለምሳሌ ያህል የተፈጠሩ ናቸው። ገንዘቡ የየትኛውም አገር ቢሆን ስሌቱ አይለወጥም።

«ከገበያው 1 በመቶ ብቻ ብንይዝ እንኳ…»

ይህ ዓረፍተ ነገር የሌለበት አሳይመንት ማግኘት ይከብዳል። ተማሪው በአገሪቱ ለጥርስ ሕክምና በዓመት 600 ሚሊዮን ይወጣል የሚል አሃዝ ያገኛል። ከዚያ 1 በመቶ ወስዶ 6 ሚሊዮን ብሎ ይጽፋል። 1 በመቶ ትንሽ ስለሆነ ጨዋ ግምት ይመስላል።

ግን 1 በመቶው ከየት መጣ? ከየትም አልመጣም። ለምን ግማሽ በመቶ ወይም 3 በመቶ እንዳልሆነ የሚያስረዳ ምንም ነገር የለም። ወደ ደንበኛ ስትመልሱት ደግሞ ነገሩ ይፈጥጣል። 6 ሚሊዮን ለ1,200 ሲካፈል 5,000 ክሊኒክ ነው። በምሳሌያችን አገር ያሉት የጥርስ ክሊኒኮች በሙሉ 1,000 ናቸው። «ትንሿ» 1 በመቶ ከአገሪቱ ክሊኒኮች አምስት እጥፍ ጠየቀች ማለት ነው። ማንኛውንም የገበያ አሃዝ ከመጻፋችሁ በፊት ለአንድ ደንበኛ ዓመታዊ ክፍያ አካፍሉት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ መምህሩ ግን ይህንኑ ነው የሚያደርገው።

የሌላ ሰውን ገቢ የራስ ገበያ ማድረግ

ከላይ ያለው ቅሌት የመጣው ከመቶኛው ብቻ አይደለም። መነሻው ራሱ ልክ አልነበረም። 600 ሚሊዮኑ ታካሚዎች ለክሊኒኮች የሚከፍሉት ነው። የእናንተ ደንበኛ ግን ታካሚው ሳይሆን ክሊኒኩ ነው። ለእናንተ ገበያ የሚሆነው ክሊኒኩ ቀጠሮ ለማስያዝና ለማስታወስ የሚያወጣው ወጪ ነው፣ እሱ ደግሞ ከ600 ሚሊዮኑ ትንሽ ቁራጭ ነው። ሻጭና ገዢን በሚያገናኙ አፖች ላይ የሚሠሩ ተማሪዎችም እዚሁ ይወድቃሉ። በአፑ የሚያልፈውን ሽያጭ በሙሉ ይቆጥሩታል፣ የእነሱ ገቢ ግን ኮሚሽኑ ብቻ ነው።

እንግዲህ በትክክል እንውረድ። አገልግሎቱ የሚጀመረው በአንድ ትልቅ ከተማ ነው እንበል። የከተማው ድርሻ 40 በመቶ ከሆነ 240 ሚሊዮን ይቀራል። ክሊኒኮች ከገቢያቸው 5 በመቶውን ለእንግዳ መቀበያ፣ ለስልክና ለመዝገብ ሥራ ያወጣሉ ብንል 12 ሚሊዮን ይሆናል። ከዚህ አንድ አስረኛው የቀጠሮ ሥራ ከሆነ 1.2 ሚሊዮን። እያንዳንዱ እርምጃ ታሳቢ ነው፤ እያንዳንዱም ምክንያቱ አጠገቡ መጻፍ አለበት። ቢሆንም አሁን የምንለካው ትክክለኛውን ነገር ነው።

መሃል ላይ ያለውን ቁጥርም ሳትፈትሹ አትለፉ። በከተማው 400 ክሊኒክ ካለ፣ 240 ሚሊዮን ሲካፈል ለአንዱ በዓመት 600,000 ይደርሰዋል። በዓመት 300 ቀን ከሠራ በቀን 2,000 ነው። አንድ ታካሚ በአማካይ 200 ቢከፍል በቀን 10 ታካሚ ማለት ነው። ለአንድ መካከለኛ ክሊኒክ ይህ የሚታመን ነው። በቀን 90 ታካሚ ቢወጣ ኖሮ መነሻው አሃዝ ወይም የክሊኒኮቹ ብዛት የተሳሳተ መሆኑን ወዲያው ታውቁት ነበር።

ስም ዝርዝርን ደንበኛ ማድረግ

ከታች ወደ ላይ የሚሠሩ ተማሪዎች ከመጀመሪያዎቹ ይሻላሉ፣ ግን የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። 400 ስም ያለበት ዝርዝር ያገኛሉ፣ በ1,200 ያባዛሉ፣ 480,000 ብለው ይዘጋሉ። ዝርዝር ውስጥ ግን የተዘጋም፣ ሁለቴ የተጻፈም አለ። ከሁሉም በላይ ቀጠሮ ጭራሽ የማይዝ፣ የመጣውን በወረፋ የሚያስተናግድ ክሊኒክ አለ። ለሱ የቀጠሮ ማስታወሻ ምን ይሠራለታል?

መፍትሔው ስልክ መደወል ነው። ከዝርዝሩ 20 ክሊኒኮችን በዕጣ ምረጡ። በዕጣ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰፈራችሁ ያሉትን ወይም ከላይ ያሉትን 20 ከወሰዳችሁ ናሙናው ያዳላል። «አገልግሎታችንን ትገዛላችሁ?» ብላችሁም አትጠይቁ። ሰው ይሉኝታ ስላለው «አዎ፣ አሪፍ ሐሳብ ነው» ይላችኋል፣ ያ መልስ ደግሞ ምንም አያስከፍለውም። አሁን የሚያደርጉትን ጠይቁ፦ ቀጠሮ ትይዛላችሁ? የሚያስታውሰው ማነው? በቀን ስንት ሰዓት ይፈጅባችኋል?

ከ20ዎቹ 3ቱ ተዘግተዋል፣ 5ቱ በወረፋ ይሠራሉ፣ 12ቱ ቀጠሮ ይይዛሉ እንበል። 60 በመቶ ነው። ከ400ው 240 ክሊኒክ፣ በዓመት 288,000። ከ20 ክሊኒክ የተገኘ 60 በመቶ ግን እውነቱ ከ40 እስከ 80 በመቶ አካባቢ ሊሆን እንደሚችል አትርሱ። ስለዚህ ከ192,000 እስከ 384,000 ብሎ መጻፍ 288,000 ብቻ ከማለት ይልቅ ሐቀኛ ነው። የግምቱ ክልል ሰፋ ብሎ ካስጨነቃችሁ ተጨማሪ ደውሉ።

መቶኛን በመቶኛ በጭፍን ማባዛት

ከላይ ስትወርዱ ማጣሪያዎች ይደራረባሉ። ከ1,000ው ክሊኒኮች 40 በመቶው ከተማ ውስጥ ናቸው፤ ከ1,000ው 50 በመቶው ኮምፒውተር አላቸው። ተማሪው ሁለቱን አባዝቶ 20 በመቶ፣ 200 ክሊኒክ ይላል። ይህ የሚሠራው ኮምፒውተር መኖሩና ከተማ መሆኑ ካልተያያዙ ብቻ ነው። ኮምፒውተር ያላቸው በብዛት የከተማዎቹ ከሆኑና ከ400ው 350ው ካላቸው፣ መልሱ 200 ሳይሆን 350 ነው። ሁለተኛውን መቶኛ መጠየቅ ያለባችሁ ከመጀመሪያው ማጣሪያ ካለፉት ላይ ነው። ከአገሪቱ ክሊኒኮች ስንቱ ሳይሆን፣ ከከተማው ክሊኒኮች ስንቱ?

እግረ መንገዴን፣ እኛም ከላይ የተጠቀምንበት 40 በመቶ የክሊኒክ ብዛት ድርሻ ነው፤ የገንዘብ ድርሻ አይደለም። የከተማ ክሊኒኮች ከሌሎቹ ትልልቅ ከሆኑ የገንዘብ ድርሻቸው ከ40 በመቶ ይበልጣል። ፕላኑ ላይ ይህን በአንድ መስመር መግለጽ ያስፈልጋል።

ሁለቱን ቁጥር በግድ ማስታረቅ

ነጥብ የሚለየው እዚህ ነው። ከላይ ወደ ታች 1.2 ሚሊዮን ሰጠን፣ ከታች ወደ ላይ 288,000። አራት እጥፍ ያህል ልዩነት አለ። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይደነግጥና ኤክሴሉን ይከፍታል። 5 በመቶውን ወደ 2 ዝቅ፣ 60 በመቶውን ወደ 90 ከፍ ያደርጋል፤ ትንሽ ይነካካና ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ይቆማሉ። ሌላው ደግሞ አማካዩን ይወስዳል፣ ይህም ምንም ትርጉም የለውም። ሦስተኛው ዘዴ ሁለቱንም ከአንድ ሪፖርት መቅዳት ነው። ያኔ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ስለመጡ መስማማታቸው አያስገርምም።

ልዩነቱን ከማጥፋታችሁ በፊት ሁለቱ ቁጥሮች የሚለኩት አንድ ነገር መሆኑን አረጋግጡ። ቦታው አንድ ነው? አዎ፣ ሁለቱም ከተማው ናቸው። ጊዜውስ? ሁለቱም ዓመታዊ ናቸው። ደንበኛውስ? ሁለቱም ቀጠሮ የሚይዙ ክሊኒኮች ናቸው። ታዲያ ምን ተለያየ? ወደ አንድ ክሊኒክ አውርዱት። 1.2 ሚሊዮን ለ240 ሲካፈል 5,000 ነው። አንድ ክሊኒክ ለቀጠሮ ሥራ በዓመት 5,000 ያወጣል፤ እኛ የምንጠይቀው 1,200 ነው።

አሁን ጥያቄው ጠበበ። የቀጠሮ ሥራ ሲባል መመዝገብ አለ፣ መቀየር አለ፣ ማስታወስ አለ። የእኛ አገልግሎት የሚተካው ማስታወሱን ብቻ ነው። ስንት ድርሻ እንደሆነ ቢሮ ተቀምጦ መፍጠር ግን ያው ቁጥር መነካካት ነው። ቀድሞ ወደ ደወላችሁላቸው 12 ክሊኒኮች ተመለሱ፣ ስልክ የምታነሳዋን ልጅ ጠይቁ። ከቀጠሮ ሰዓቷ ሲሶው ያህል ለማስታወስ እንደሚሄድ ከነገሩዋችሁ፣ ከላይ የመጣው ቁጥር ወደ 400,000 ይወርዳል። ከታች የመጣው 288,000 ነው፣ ክልሉም እስከ 384,000 ነበር። ሁለቱ ተቀራረቡ፤ ያቀራረባቸውም ከክሊኒክ የመጣ መረጃ ነው።

የቀረው ልዩነትም የሚነግራችሁ ነገር አለ። 400,000 ለ240 ሲካፈል 1,670 ያህል ነው። ክሊኒኩ ዛሬ ለማስታወስ ብቻ ይህን ያህል ያወጣል፤ እናንተ በ1,200 ትሠሩለታላችሁ። ዋጋችሁ ለምን ሊሸጥ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ውጤቱ ተገላቢጦሽ ሆኖ ክሊኒኩ ዛሬ 700 ብቻ የሚያወጣ ከሆነ ደግሞ ገበያው ችግር አለበት፣ ወይም ዋጋው።

ገበያን ከራስ ሽያጭ ጋር መቀላቀል

በትምህርቱ ታም፣ ሳም እና ሶም የሚባሉት ሦስት እርከኖች የሚደበላለቁት እዚህ ነው። በአገሪቱ ቀጠሮ የሚይዙ ክሊኒኮች በሙሉ ቢገዙ የሚገኘው ታም ነው። በምትሠሩበት ከተማ ያሉት 240ዎቹ ሳም ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት በእርግጥ ልትሸጡላቸው የምትችሉት ሶም ነው። አንድ ሻጭ በሳምንት 5 ክሊኒክ ቢጎበኝ፣ በ40 የሥራ ሳምንት 200 ጉብኝት ይሆናል። ከአስሩ አንዱ ቢፈርም 20 ክሊኒክ ነው። እነሱ ዓመቱን ሙሉ ቢከፍሉ 24,000፤ ግን ሁሉም በዓመቱ መጀመሪያ አይፈርሙም። በዓመቱ ውስጥ ተበታትነው ከገቡ የመጀመሪያው ዓመት ገቢ ግማሹ፣ ወደ 12,000 ነው። 24,000 ጽፎ የገንዘብ ፍሰቱን በሱ የሠራ ፕላን በሦስተኛው ወር ካዝናው ባዶ መሆኑን አያሳይም።

አንድ ትንሽ ነገር ቀረች። ኤክሴል 287,640.50 ቢሰጣችሁ እንዳለ አትለጥፉት። በ20 የስልክ ጥሪ ላይ የቆመ ቁጥር ሳንቲም ድረስ ሊታወቅ አይችልም፤ «ወደ 290,000» በቂ ነው።