ረጅም የተደበቀ ቃል ሲገጥማችሁ ከመጨረሻው ጀምሩ

በቃል ግምት ጨዋታ ሰባት ስምንት ፊደል ያለው የተደበቀ ቃል ስትገምቱ ፊደሎቹን በተራ አትሞክሩ። ከ200 በላይ ፊደል ስላለን ግምታችሁ ቶሎ ያልቃል። ረጅም የአማርኛ ቃል ግን ብዙውን ጊዜ በቅጥያ ነው የሚረዝመው።

መጀመሪያ «ች»ን ሞክሩ። መጨረሻ ላይ ከወጣ ብዙ ቁጥር ሊሆን ስለሚችል ቀጥሎ «ዎ»ን ጠይቁ። «ዎች» ከተገኘ ከፊቱ «ሪ»ን፣ ከመነሻው ደግሞ «አስተ»ን ፈትኑ። አሁን በእጃችሁ ያለው «አስተ__ሪዎች» ነው። «ዳ» ካስገባችሁ አስተዳዳሪዎች፣ «ባ» ከሆነ አስተባባሪዎች። ሁለቱም ላይ ፊደሉ ስለሚደገም አንድ ግምት ሁለት ክፍት ቦታ ይሞላል፤ ይሄ በጣም ደስ ይላል።

«ዎ» ከሌለ «ቶ»ን ወይም «ሮ»ን ሞክሩ። እነሱም ካልሠሩ «አስተዋወቀች» ዓይነት ግስ ሊሆን ይችላል። ጨዋታው ብዙ ቁጥርም ግስም የማይቀበል ከሆነ መጨረሻው ላይ «ነት»ን በመሞከር ጀምሩ።