365 ናኖሜትር ከወጣ፦ የሃይድሮጂን መስመር ስሌት የት ላይ ይበላሻል?

ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይመጣል። የሃይድሮጂን ኤሌክትሮን ከ n = 4 ወደ n = 2 ሲወርድ የሚለቀው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ስንት ነው? ትክክለኛው መልስ 486 ናኖሜትር ገደማ ነው። በዓይን የሚታይ፣ ወደ ሰማያዊ ያደላ አረንጓዴ መስመር ነው። ወረቀታችሁ ላይ የወጣው ግን 365 ሊሆን ይችላል። የሚገርመው ነገር፣ 365 ላይ የሚያደርሱ ስህተቶች አንድ ብቻ አይደሉም። ሦስት ናቸው። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይቶ «ጥፋቱ እዚህ ጋ ነው» ማለት አይቻልም።

መጀመሪያ ጤነኛው ስሌት ይኸውና። ኒልስ ቦር እ.ኤ.አ. በ1913 ባቀረበው ሞዴል የሃይድሮጂን የኃይል ደረጃዎች በዚህ ቀመር ይገኛሉ፦

```
E_n = -13.6 eV / n²
```

አራተኛው ደረጃ −0.85 ኤሌክትሮን ቮልት ይሆናል፤ ሁለተኛው −3.40። ልዩነታቸው 2.55 ነው። ኤሌክትሮኑ ሲወርድ ይህን ልዩነት በአንድ ፎቶን መልክ ይለቀዋል። የሞገድ ርዝመቱን በናኖሜትር ለማግኘት 1240ን ለ2.55 ማካፈል ይበቃል፤ 486 ይወጣል። 1240 ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። የፕላንክ ቋሚ ቁጥር በብርሃን ፍጥነት ተባዝቶ፣ በኤሌክትሮን ቮልት እና በናኖሜትር ሲገለጽ የሚሰጠው ነው።

ምልክት፦ መልሱ 365 ሆነ

አንደኛው ምክንያት 1240ን ለ3.40 ማካፈል ነው። እዚህ የተወሰደው የደረጃው የራሱ ኃይል እንጂ የሁለቱ ደረጃዎች ልዩነት አይደለም። −3.40 የሚነግረን ሁለተኛው ደረጃ ላይ ያለን ኤሌክትሮን ከአቶሙ ጨርሶ ለማላቀቅ ስንት እንደሚያስፈልግ ነው። ዜሮ የተባለው ኤሌክትሮኑ ነጻ የወጣበት ቦታ ነው፤ የታሰረ ሁሉ ከዜሮ በታች ይቆጠራል። ፎቶኑ ግን የሚያውቀው መነሻውንና መድረሻውን አንድ ላይ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት መጀመሪያ ቀንሶ ከዚያ ካሬ ማድረግ ነው። 4 − 2 = 2፣ ካሬው 4፣ 13.6 ለ4 ሲካፈል 3.4። ሦስተኛው ደግሞ ካሬውን ጨርሶ መርሳት ነው፦ 13.6 × (1/2 − 1/4)። ይህም 3.4 ይሰጣል። ሦስቱም መንገዶች 4 እና 2 ላይ ይገጣጠማሉ። የቁጥሮቹ አጋጣሚ እንጂ ሌላ ምስጢር የለውም።

365ን ይበልጥ አታላይ የሚያደርገው እውነተኛ ቁጥር መሆኑ ነው። ወደ ሁለተኛው ደረጃ የሚወርዱት መስመሮች የባልመር ተከታታይ ይባላሉ። መነሻው ከፍ እያለ ሲሄድ እየተቀራረቡ ይጠጋጉና 364.6 ናኖሜትር አካባቢ ላይ ያበቃሉ። ቁጥሩን መጽሐፍ ላይ ያየ ሰው «አለ እኮ!» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ነገር ግን 365 ድንበሩ ነው። የትኛውም ከታሰረ ደረጃ ወደ n = 2 የሚደረግ ውድቀት ከዚህ የሚረዝም ሞገድ ነው የሚሰጠው።

ታዲያ የትኛውን ስህተት እንደሠራችሁ እንዴት ይታወቃል? በራሳችሁ መንገድ፣ ምንም ሳትቀይሩ፣ ከ3 ወደ 2 የሚወርደውን አስሉ። እዚያ ላይ ስህተቶቹ ይለያያሉ።

| የተሠራው | ከ4 ወደ 2 | ከ3 ወደ 2 |
|---|---|---|
| የሁለተኛውን ደረጃ ኃይል ብቻ መውሰድ | 365 | 365 |
| ቀንሶ ካሬ ማድረግ | 365 | 91 |
| ካሬ መርሳት | 365 | 547 |
| ትክክለኛው | 486 | 656 |

ሁለቱም ሽግግሮች እኩል ከሆኑ ልዩነቱን አልወሰዳችሁም። 91 ከመጣ ቅደም ተከተሉ ነው የተበላሸው፤ እያንዳንዱን n ለብቻው ካሬ አድርጉ፣ ከዚያ አንድን ለእያንዳንዱ አካፍሉ፣ መቀነስ የመጨረሻ ነው። 547 ከመጣ ካሬው የለም። ይህኛው ላይ ጠንቀቅ በሉ፤ በዓይን በሚታይ ብርሃን ውስጥ ስለሚወድቅ ጤነኛ ይመስላል። ሆኖም የባልመር መስመሮች 656፣ 486፣ 434፣ 410 እያሉ ነው የሚወርዱት። በ656 እና በ486 መካከል የሃይድሮጂን አቶም የባልመር መስመር የለውም።

ምልክት፦ መልሱ 7.8 × 10⁻²⁶ ሜትር ሆነ

ይህ ከአቶም ኒውክለስም እጅግ ያነሰ ርዝመት ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የአሃድ መሆን አለበት። h = 6.626 × 10⁻³⁴ ከተጠቀማችሁ፣ እሱ በጁል የተለካ ነው፤ 2.55 ግን በኤሌክትሮን ቮልት ነው። መጀመሪያ 2.55ን በ1.602 × 10⁻¹⁹ አባዙ። 4.09 × 10⁻¹⁹ ጁል ይሆናል። አሁን ስታካፍሉ 4.86 × 10⁻⁷ ሜትር፣ ማለትም 486 ናኖሜትር ታገኛላችሁ።

ምልክት፦ 2.06 ሚሊዮን ወጣ

በሪድበርግ ቀመር ሠርታችሁ መጨረሻውን ረስታችኋል። 1.097 × 10⁷ × (1/4 − 1/16) የሚሰጠው የሞገድ ርዝመቱን ሳይሆን ግልባጩን ነው፣ በአንድ ሜትር ስንት ሞገድ እንዳለ። አንድን ለእሱ አካፍሉ። ካልኩሌተር ላይ አንድ ቁልፍ ናት።

መልሱ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ይዞ ከመጣ ደግሞ የ1/16 እና የ1/4 ቦታ ተቀያይሯል። በሪድበርግ ቀመር ለሚለቀቅ ብርሃን የትንሹ n ክፍልፋይ ይቀድማል።

ምልክት፦ ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ግን ከመጽሐፉ በጥቂት ነጥብ ይለያል

አንዱ 486.0፣ ሌላው 486.3፣ ሠንጠረዡ 486.1 ይላል። እዚህ የሒሳብ ስህተት ላይኖር ይችላል። የመጀመሪያው የሚመጣው በሙሉ ትክክለኛነት የተጻፈውን የሪድበርግ ቁጥር 1.09737 × 10⁷ ስትጠቀሙ ነው። ያ ቁጥር ኒውክለሱ ፈጽሞ እንደማይነቃነቅ ያስባል። በእውነት ግን ፕሮቶኑ ከኤሌክትሮኑ 1836 ጊዜ ገደማ ይከብዳል እንጂ ወሰን የሌለው ክብደት የለውም፤ እሱም ትንሽ ይወዛወዛል። ይህን ስናስገባ ለሃይድሮጂን የሚሆነው ቁጥር 1.09678 × 10⁷ ይሆናል፣ መስመሩም በባዶ ቦታ 486.27 ላይ ይቀመጣል። ብዙ ሠንጠረዦች ግን የሚጽፉት በአየር ውስጥ የሚለካውን ነው። አየር ሞገዱን በጥቂቱ ያሳጥረዋል፤ 486.1 የመጣው ከዚያ ነው።

ለፈተና ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም፣ 486 ይበቃል። ለስፔክትሮስኮፒ ግን ይህችው ጥቃቅን ልዩነት ናት ሥራ የሠራችው። ሃሮልድ ዩሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1931 ከባድ ሃይድሮጂንን፣ ማለትም ዲዩተሪየምን፣ ያገኙት ከባልመር መስመሮች አጠገብ የተደበቁ ደካማ መስመሮችን ፈልገው ነው። የዲዩተሪየም ኒውክለስ እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ያነሰ ይወዛወዛል። ቀይ መስመሩ 656.3 ላይ ካለው የተራው ሃይድሮጂን መስመር 0.18 ናኖሜትር ያህል አጥሮ ይታያል።

የወሰዳችሁት አቶም ሂሊየም ከሆነ ግን ስህተት ፍለጋ አትድከሙ። ሁለት ኤሌክትሮን ስላለው ይህ ቀመር አይሠራለትም። አንዱን ኤሌክትሮን ያጣው የሂሊየም አዮን ብቻ ይታዘዛል፣ 13.6ን በ4 ካባዛችሁለት።