በነፃ ወይም በቅናሽ ያገኛችሁትን ዕቃ ስትገመግሙ

«ሱቁን አመሰግናለሁ» ማለት ብቻውን ዕቃው በነፃ ወይም በቅናሽ እንደተሰጣችሁ አይናገርም። ሰሚው ገዝታችሁ የረካችሁ ነው የሚመስለው። ቲክቶክ ላይ በነፃ ወይም በቅናሽ ማግኘታችሁን ከቪዲዮው ጋር ባለው ጽሑፍ ግርጌ ብታስገቡትም ጽሑፉ ስለሚታጠፍ ብዙው ሰው ሳያየው ያልፋል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጨርሱት፦ ማን ሰጠኝ፣ በስንት፣ በምን ውል። ኮዬ ፈጬ ካለ ሱቅ የኤሌክትሪክ ምጣድ ስወስድ ያልኩት ይኸው፦ «9,000 ብር የሚሸጠውን ምጣድ ሱቁ በ4,500 ሰጠኝ። ቪዲዮ እንድሠራለት ጠይቆኛል፤ ምን እንደምል ግን አልነገረኝም።» ቪዲዮ ከሆነ በድምፅም ተናገሩት። ብዙ ሰው እያዳመጠ እንጂ እያነበበ አይደለም።

አስተያየቱ ላይስ? ቅናሽ ምላስ ያለሰልሳል፣ እኔንም አለሳልሶኝ ነበር። የምጣዱ መሃል ቶሎ ይግላል፣ ዳሩ ግን ቀዝቃዛ ስለሆነ እንጀራው ጠርዙ ላይ ዐይን አላወጣም። «ለኔ ምንም አይል» ልል ስል ራሴን ጠየቅሁ፦ በሙሉ ዋጋው እገዛው ነበር? አልገዛውም። እንደዚያው ተናገርኩ፦ «በ4,500 እችለዋለሁ፣ በ9,000 ግን አልገዛውም።» ተመልካቹ የሚከፍለው 9,000ውን ነዋ!

ሱቁ «ጥሩ ጥሩውን ብቻ» ካላችሁ ግን ግምገማ ብላችሁ አትጥሩት፤ ማስታወቂያ ነው። ጉግል ማፕ ላይ ደግሞ በነፃ ዕቃ ወይም በቅናሽ ምትክ የሚጻፍ አስተያየት በደንቡ ክልክል ነው፣ በግልጽ ብትናገሩም እዚያ አትጻፉት።