ኮኢፊሸንቱ ከአምድ ወደ አምድ ሲቀንስ፦ የሪግሬሽን ሰንጠረዥ ችግርና መፍትሄ

ኮኢፊሸንት፣ ስታንዳርድ ኤረርና ኮከብ ምን እንደሆኑ አንባቢው ያውቃል ብዬ እነሳለሁ። የሚከተለው የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፎችን ሳርም ደጋግመው ያጋጠሙኝን ስህተቶች የሚመለከት ነው። ምሳሌዬ የትምህርት ዓመት በደመወዝ ሎግ ላይ ያለው ኮኢፊሸንት ሲሆን፣ በመጨረሻ ከምጠቅሰው የመንትዮች ጥናት በስተቀር ቁጥሮቹን ለማሳያ ያዘጋጀኋቸው እኔ ነኝ።

ምልክት፦ ኮኢፊሸንቱ 0.000 ነው፤ ሦስት ኮከብ ግን አለው። ተለዋዋጩ በነጠላ ብር ስለተለካ ነው። በሺህ ብር ይለካ።

ምልክት፦ 0.5 ኮኢፊሸንት «50 በመቶ ጭማሪ» ተብሎ ተነቧል። ጥገኛው ተለዋዋጭ ሎግ ሲሆን 0.08ን 8 በመቶ ገደማ ብሎ ማንበብ ይቻላል፤ 0.5 ግን 65 በመቶ ያህል ነው።

ምልክት፦ መቆጣጠሪያ ሲጨመር ኮኢፊሸንቱ ወረደ።

ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመኝ ይህ ነው። በመጀመሪያው አምድ ዕድሜና ጾታ ብቻ ገብተው የትምህርት ኮኢፊሸንት 0.11 ነው። በሁለተኛው አምድ የአባት ትምህርት ሲጨመር 0.08 ይሆናል። ጸሐፊው ወዲያው «ልዩነቱ 0.03 የቤተሰብ ተጽዕኖ ነው» ብሎ ይደመድማል። ከሰንጠረዡ ግርጌ ያለውን የናሙና ረድፍ ግን አላየም፤ በመጀመሪያው አምድ 1,200 ሰዎች ነበሩ፣ በሁለተኛው 840 ብቻ ቀርተዋል። የአባቱን ትምህርት ያልመለሰ ሰው ሁሉ ድምፅ ሳያሰማ ከስሌቱ ወጥቷል።

አንድ ተማሪ በዲፌንሱ ቀን ይህንኑ ተጠይቆ፣ «ሶፍትዌሩ ነው የቀነሳቸው» ብሎ መልሶልናል። የቀነሰውስ ሶፍትዌሩ ነው፤ ነገር ግን የወጡት ሰዎች በአብዛኛው አባታቸውን በልጅነታቸው ያጡ ወይም ከገጠር የመጡ ነበሩና፣ ሁለቱ አምዶች የሚናገሩት ስለ ተለያዩ ሰዎች ነበር።

መፍትሄው አጭር ነው። ረጅሙን ሪግሬሽን አስቀድሞ ማስኬድ፣ ከዚያም አጭሩን በዚያው ናሙና ላይ መድገም ነው። በስታታ እንዲህ ይጻፋል፦

```
regress lwage educ age female fatheduc
regress lwage educ age female if e(sample)
```

በ840ዎቹ ላይ አጭሩ 0.10 ሰጠ እንበል። እንግዲህ ከ0.03ቱ ውስጥ 0.01 የናሙና ለውጥ ነው፤ የአባት ትምህርት ድርሻ 0.02 ብቻ ነው። ይህንንም በእጅ ማረጋገጥ ይቻላል። በረጅሙ ሪግሬሽን የአባት ትምህርት ኮኢፊሸንት 0.04 ነው። የአባትን ትምህርት በልጁ ትምህርት፣ በዕድሜና በጾታ ላይ ስናስኬድ፣ ከልጁ አንድ ተጨማሪ ዓመት ጋር የአባት ግማሽ ዓመት አብሮ ይገኛል። 0.04 በ0.5 ሲባዛ 0.02 ይሆናል፤ 0.08 ሲደመርበት 0.10 ይመጣል። በአንድ ናሙና ላይ ይህ ስሌት በትክክል መግጠም አለበት፤ ካልገጠመ ናሙናው አሁንም ተለያይቷል ማለት ነው።

ይህ 0.04 ግን የአባት ትምህርት ሙሉ ውጤት ተብሎ አይነበብ፤ ልጁን በማስተማር በኩል የሚያልፈው ክፍል ተቆርጦበታል።

ምልክት፦ ሥራ መደብ ሲገባ ኮኢፊሸንቱ 0.05 ሆነ፤ ጸሐፊውም «ንጹሁ ውጤት ይህ ነው» አለ።

ሰንጠረዡን በመቆጣጠሪያ መሙላት ጥንቃቄ የሚመስላቸው ጸሐፊዎች ትዕግስቴን ይፈትኑታል። ሰው ተምሮ የተሻለ ሥራ ያገኛል፣ በሥራውም የተሻለ ደመወዝ ያገኛል። ሥራ መደቡ ሲያዝ ትምህርት የሚከፍለው ዋናው መንገድ ይዘጋል፤ ንጽጽሩም በዲግሪ ጸሐፊ የሆነን ሰው በአሥረኛ ክፍል ጸሐፊ ከሆነ ሰው ጋር ይሆናል፣ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ በሌላም ነገር መለያየታቸው አይቀርም። ከትምህርት በኋላ የመጣ ተለዋዋጭ መቆጣጠሪያ አይሁን። አምዱ የግድ ከቀረበ ለብቻው ይነበብ።

ምልክት፦ «ችሎታ አልተካተተምና ግምታችን ተጋኗል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር።

የተተወው ተለዋዋጭ ደመወዝን ይጨምራል ወይ? ከትምህርት ጋርስ አብሮ ይሄዳል ወይ? ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ከሆኑ ኮኢፊሸንቱ ይጋነናል፣ ከተቃረኑ ያንሳል። ሎጂኩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጸሐፊዎች እዚህ ላይ ይቆማሉ። ኢኮኖሚስቶቹ አሸንፌልተርና ክሩገር በ1991 በኦሃዮ ትዊንስበርግ በሚካሄደው የመንትዮች በዓል ላይ መረጃ ሰብስበው በ1994 ያሳተሙት ጥናት፣ አንዱን መንትያ ከሌላው ጋር በማነጻጸር የአንድ ዓመት ትምህርት ዋጋ ከ12 እስከ 16 በመቶ ሆኖ አገኘ፤ ችሎታ ግምቱን ወደ ላይ ሲገፋ አላዩም። ያዩት ሌላ ስህተት ነው። እያንዳንዱን መንትያ ስለ ወንድሙ ወይም ስለ እህቱ ትምህርት ጭምር ጠይቀው ስለነበር፣ ሰዎች የትምህርት ዓመታቸውን አሳስተው እንደሚናገሩና ይህም ኮኢፊሸንቱን ወደ ታች እንደሚጎትተው ለማሳየት ችለዋል። ስለዚህ «ተጋኗል» የሚል ጸሐፊ የትምህርት ዓመቱ ከማስረጃ ወረቀት የተገለበጠ ይሁን ወይም ከመላሹ ትውስታ የተወሰደ፣ እዚያው ቀጥሎ ይጻፍልን።