ማሽኑ ሰላም ብሎ ዝም ሲል የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባሕር ዳር ላይ ሰው ውጭ አገር ሲደውል አግዛለሁ፤ አብዛኛው የአውሮፕላን ቲኬት ጉዳይ ነው። አሁን ብዙ ቦታ ስልኩን የሚያነሳው ማሽን ነው። አንዳንዱ «1ን ይጫኑ» እንኳ አይልም። በእንግሊዝኛ ሰላም ይልና «ለምን እንደደወሉ በአጭሩ ይንገሩኝ» ብሎ ይጠብቃል። ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ሰላምታ መመለስ። ኧረ በናታችሁ ይሄን ተዉት! ሰው ሳይጠይቁ ወደ ጉዳይ መግባት እኛ ዘንድ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ማሽኑ ግን ከዚያች ዝምታ በኋላ የሰማውን ሁሉ ጉዳያችሁ አድርጎ ነው የሚይዘው። «ሄሎ፣ ሃው አር ዩ» ስትሉት ውስጡ ጉዳይ ይፈልጋል፣ ያጣል፣ «አልገባኝም» ይላል። ደዋዩ ደግሞ ያልተሰማ መስሎት ጮክ ብሎ እንደገና ሰላም ይላል! ይሄ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም አንዳንዱ ማሽን ስልኩን ይዘጋዋል።

ታሪክ መተረክ። አንዲት የዘጌ እናት ልጃቸው አሜሪካ ወልዳ ሊያርሷት ነበር፤ ፓስፖርታቸው ዘግይቶ የበረራ ቀን መለወጥ ነበረባቸው። የወንድማቸው ልጅ ደወለና ከአራሷ ጀምሮ ሁሉንም ዘረዘረው። ማሽኑ ከዚያ ሁሉ «ፓስፖርት»ን ለቀም አድርጎ ስለ ጉዞ ሰነድ ማስረዳት ጀመረ። ዘግተን እንደገና ደወልን። «ቼንጅ ፍላይት ዴት» በል፣ ሌላ እንዳትጨምር አልኩት። ምን እንዲደረግ እንደምትፈልጉና ምኑ ላይ እንደሆነ፣ በቃ። ወዲያው «የተያዘ በረራ መለወጥ ይፈልጋሉ?» ብሎ ጠየቀ። «የስ» ብቻ ነው መልሱ፤ «የስ፣ ምክንያቱም...» ካላችሁ ይምታታበታል።

መሃል ላይ ቆም ብሎ ማሰብ። አንድ ሰከንድ ገደማ ዝም ካላችሁ ጨርሳችኋል ብሎ ይቆርጣችኋል። ስለዚህ ሳትደውሉ ዓረፍተ ነገሯን ወረቀት ላይ ጻፏት።

ላውድ ስፒከር። ቤተሰብ ሁሉ ይስማ ተብሎ ይከፈታል። የማሽኑ ድምፅ በማይኩ ተመልሶ ሲገባ የእናንተ ይመስለውና የራሱን ንግግር ያቋርጣል። በር ላይ ባጃጅ ካለ ደግሞ አለቀ። ዝጉትና ጆሯችሁ ላይ አድርጉት።

ቃል እየቆራረጡ መጮህ። ማሽኑ የለመደው ተራ ንግግር ነው፤ «ቼ...ንጅ» ስትሉት ይብስበታል።

የቲኬት ኮድ ላይ ድርቅ ማለት። ቢ፣ ዲ፣ ፒ፣ ቲ በስልክ አንድ ዓይነት ናቸው። የእናታችንን ፒ ማሽኑ ቢ ብሎ ደገመው፤ ስናርመው ዲ አለ። እዚህ ላይ አትታገሉ፣ «ሪፕረዘንታቲቭ» በሉ፤ ሰው አገናኘኝ እንደማለት ነው። ብዙ ጊዜ ሰው ከማገናኘቱ በፊት ለምን እንደሆነ መልሶ ይጠይቃል። ያኔ ተናዳችሁ «ሪፕረዘንታቲቭ!» ብቻ አትደጋግሙ፤ ያቺኑ «ቼንጅ ፍላይት ዴት» ድገሙለት፤ ወደ ትክክለኛው ክፍል የሚመራችሁ በእሷ ነው። ለኛም ሰው አነሳልን፤ ኮዱን «ፒ እንደ ፓሪስ» እያልን ነገርናት፣ ቀኑም ተለወጠ።